ወደ አሮጌው የሚመለሱበት ሰዓት

አንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳቡን፣ መጋዘኑንና ደመወዙን የያዘበትን ኦዱ የተባለ ሶፍትዌር ወደ አዲስ ስሪት ሊያሻግር ነው እንበል። መጀመሪያ የሚሻገረው የዳታቤዙ ቅጂ ነው። በቅጂው ላይ ያለፈው ወር ደመወዝ እንደገና ይሠራና ከአሮጌው ውጤት ጋር በሳንቲም ይነጻጸራል። መሠረታዊ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው 700 ብር ነው። አዲሱ ስሪት 770 ካሳየ፣ ምናልባት የ1,000 ብር የትራንስፖርት አበሉ አብሮ ተሰልቷል።

ባክአፕ አለን ማለት ብቻ፣ በእኔ ግምት፣ ዕቅድ አይደለም። መልሶ መጫኑ ተሞክሮ 5 ሰዓት ከፈጀና ሥራ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከተጀመረ፣ የመመለስ ውሳኔው ቢዘገይ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይሰጣል። ሰኞ ደረሰኝ ከተቆረጠ በኋላ መመለስ ያንን ደረሰኝ ማጣት ነው።