የሐዘን ደብዳቤው ውስጥ መጻፍ ያለበት ስም

ደባርቅ ላይ ለቅሶ ሲደርስ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራ ይጋግራል፣ ከዳባትና ከገጠር ቀበሌዎች ዘመድ ይመጣል። ሟቹ የሕይወት መድን የነበራቸው ከሆነ ደግሞ ከመድን ሰጪው ደብዳቤ ይደርሳል። ይህ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ በሁለት መስመር ሐዘን ተጀምሮ ወዲያው «የሚከተሉትን ሰነዶች ያቅርቡ» ወደሚል ዝርዝር ይገባል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ በሐዘን ላይ ያለን ቤት ያስደነግጣል። ቤተሰቡ በጣም የሚፈልገውን ነገርም አይነግረውም፤ እሱም ገንዘቡ የማን እንደሆነ ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ እንየው። አንድ አባት ሲሞቱ 300,000 ብር የሚከፈልበት ፖሊሲ ነበራቸው እንበል። ባለቤትና ሁለት ልጆች ትተዋል፣ 80,000 ብር የብድር ዕዳም አለባቸው። በፖሊሲው ላይ «ተጠቃሚ» በሚለው ቦታ የባለቤታቸው ስም ከተጻፈ 300,000 ብሩ በቀጥታ የባለቤታቸው ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 827 ተጠቃሚው ተለይቶ የተሰየመበት የሕይወት መድን ገንዘብ የውርስ አካል እንደማይሆን ይደነግጋል። ስለዚህ አበዳሪው ከሟቹ ንብረት ዕዳውን ሊጠይቅ ቢችልም ይህንን ገንዘብ የውርስ ሀብት ነው ብሎ ሊነካው አይችልም።

ቦታው ባዶ ከሆነ ወይም «ወራሾቼ» የሚል ብቻ ከተጻፈበት ግን ያው አንቀጽ ገንዘቡን ወደ ውርሱ ያስገባዋል። ሌላ ንብረት ከሌለ የቀብር ወጪና 80,000 ብሩ ዕዳ ቀድሞ ይከፈላል፤ ከ220,000 ብር የማይበልጠው ቀሪ ለወራሾች ይደርሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሟቹ ካልተናዘዙ በሕጋችን የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ባለቤት ከወራሾች ተራ ውስጥ የሉም። የጋራ ንብረት ድርሻ አለኝ ብለው መከራከር ይችሉ ይሆናል፣ ግን በሐዘን ላይ ክርክር ይጨመራል። «ወራሾቼ» ብለው የጻፉ አባት ሚስቴንም ማለቴ ነው ብለው አስበው ይሆናል። ሕጉ ግን እንደዚያ አያነበውም።

በእኔ እምነት ጥሩ ደብዳቤ ይህን የመሰለ ነው፦

«ለክብርት ወይዘሮ፣ በባለቤትዎ ዕረፍት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር፤ ለእርስዎና ለልጆችዎ መጽናናትን ይስጥ። ባለቤትዎ በፖሊሲው ላይ ተጠቃሚ አድርገው የሰየሙት እርስዎን ነው፤ ስለዚህ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አንጠይቅዎትም። የለቅሶው ቀናት እስኪያልፉ ምንም እንዲያቀርቡ አንጠብቅም። ቀበሌ ላይ የሞት ምዝገባው በ30 ቀን ውስጥ መፈጸም ስላለበት ግን ከዘመድ አንዱ ቢያስመዘግብልዎት መልካም ነው። በኋላ የሞት ምዝገባ የምስክር ወረቀቱን፣ መታወቂያዎንና ፖሊሲውን ይዘው ይምጡ። ፖሊሲውን ካጡት በእኛ ዘንድ ቅጂ ስላለ አይጨነቁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ሟች» የሚል ቃል የለም፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ገንዘቡም ከሐዘኑ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር አልተቀላቀለም።

ክፍያው ብዙ ጊዜ የሚዘገየው በማስረጃ ላይ ነው። አባት በፖሊሲው ላይ በሙሉ ስማቸው፣ ቀበሌ ላይ ደግሞ አገሬው በሚጠራቸው ስም ተመዝግበው ይገኛሉ። የልደት ዓመታቸው አንዱ ወረቀት ላይ በኢትዮጵያ፣ ሌላው ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፎ ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት የዕድሜ ልዩነት ይፈጥራል። መድን ሰጪው ይህን አይቶ «ዕድሜው ተሳስቷል» ከማለቱ በፊት ሁለቱን አቆጣጠሮች ማነጻጸር አለበት።

የሞቱ ምክንያትም አለ። በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ መንደሮች ብዙ ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው፤ የሐኪም ወረቀት አይኖርም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትና ሞትን ሲመዘግብ፣ የሞትን ምክንያት ቤተሰብን በመጠየቅ ነው የሚያጣራው። ያ ለጥናት የሚሠራ መንገድ ስለሆነ የካሳ ሰነድ አይሆንም፤ ቤት ውስጥ የተከሰተ ሞት ግን ያለ ሐኪም ወረቀትም በጥንቃቄ ሊጣራ እንደሚችል ያሳያል። ስለዚህ የሆስፒታል ማስረጃ ካልመጣ ብሎ ፋይሉን የሚያቆም ድርጅት አካባቢውን አያውቅም ማለት ነው። የቀበሌው ምዝገባና ለቅሶው ላይ የነበሩ ሰዎች ቃል አብረው ሊመዘኑ ይገባል።

ጊዜም ያልፋል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይታገዳል። ደብዳቤው ይህን ሳያስፈራራ፣ በመጨረሻው አንቀጹ በግልጽ ቢጽፍ ቤተሰቡ ጊዜው ሳያልፍበት ይጠይቃል።

ፖሊሲ ያላችሁ አንባብያን፣ «ተጠቃሚ» በሚለው መስመር ላይ ማን እንደተጻፈ ዛሬውኑ አውጥታችሁ አንብቡ። «ወራሾቼ» የሚል ካገኛችሁ፣ ያሰባችሁት ባለቤታችሁን ከሆነ፣ ወደ መድን ሰጪያችሁ ሄዳችሁ ስማቸውን በሙሉ አስጽፉ።