አሥር ቤት፣ አንድ ብስክሌት፦ የዘመድ መዋጮ ለልጅ ልደት

ለአንድ ልጅ ልደት ተመሳሳይ አሻንጉሊት ሁለትና ሦስት ሆኖ የሚመጣው ዘመድ ሳያስብ ስለሚገዛ አይደለም። በአንድ ሰሞን ሱቆች የሚደረድሩት ዕቃ ተመሳሳይ ነው፤ ልጁ የሚወደውን የካርቱን ገጸ ባሕርይም አክስቱም አጎቱም የእናቱ ጓደኛም እኩል ያውቁታል። ሁሉም በዚያው ሳምንት ገበያ ወጥቶ የገዛውን ጠቅልሎ እስከ ድግሱ ቀን ያቆያል። ወረቀቱ ሲቀደድ በሪሞት የሚሄዱ ሦስት ቀይ መኪኖች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ሰው በየግሉ በቂ ገንዘብ ስላልነበረው ሦስቱም ከርካሹ ዓይነት ናቸው፤ ቶሎ ይሰበራሉ። የወጣባቸው ገንዘብ አንድ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ልጁ ለዓመታት የሚጠቀምበት አንድ ዕቃ ይገዛ ነበር።

ለሠርግና ለለቅሶ ገንዘብ ማዋጣት ለማንም አዲስ አይደለም። ለልጅ ስጦታ ሲሆን ሥራውን የሚያከብደው ማን ይጠይቅ የሚለው ነው። ወላጆች ራሳቸው «ብስክሌት ልንገዛላት ነውና አዋጡ» ቢሉ ድግሱ የገንዘብ መሰብሰቢያ ይመስላል፤ ይሉኝታም ይይዛቸዋል። ስለዚህ ሰብሳቢው ከወላጆች አንድ እርምጃ የራቀ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ዘመዶች ጋር የምትግባባ አክስት ወይም ያላገባ አጎት። ሰብሳቢው አንድ ይሁን። ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ሲጠይቁ አንዱ ዘመድ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፣ ሌላው ጨርሶ ይረሳል፤ የተረሳው ደግሞ ከተጠየቀው ይልቅ ይቀየማል።

ከወላጆች የሚፈለገው ገንዘብ ሳይሆን መረጃ ነው። ልጅቱ ምን አላት? ምን እየፈለገች ነው? ቤት ውስጥ ባይገባ የሚመረጠውስ ምንድን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ሲታለፍ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ከበሮ ይገዛል። ላላት ዕቃ ደግሞ ቃል አይበቃም። የአሻንጉሊት መደርደሪያው ፎቶ ይነሳና ለሰብሳቢው ይላካል፤ እናት የረሳችውን ፎቶው ያስታውሳል።

ሥራው በአንድ ምሳሌ ሲታይ ይቀላል። አዲስ አበባ የምትኖር ልጅ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ይሞላታል እንበል። ዘመዶቿ አሥር ቤት ናቸው፦ አራቱ አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ደሴ፣ ሦስቱ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ አንዷ አክስት ዱባይ። ከደሴዎቹ አንደኛዋ አያቷ ናቸው። ሰብሳቢዋ አዲስ አበባ ያለችው አክስት ናት። የተመረጠው ስጦታ ብስክሌት ነው።

ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት ዕቃው በትክክል መታወቅ አለበት። የልጅ ብስክሌት የሚለካው በጎማው ዲያሜትር ሲሆን፣ ለዚህ ዕድሜ የሚቀርቡት 16 እና 20 ኢንች ናቸው። «ታድግበታለች» ተብሎ ትልቁ ሲገዛ ልጅቱ እግሯ መሬት ስለማይነካ ትፈራለች፤ ብስክሌቱም በረንዳ ላይ ይከርማል። ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፤ የእግር ርዝመት ይለካል። ልጅቱ ጫማ አድርጋ ጀርባዋን ከግድግዳ ታስጠጋለች፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቿ መሐል እስከ ላይ ገባ ይደረግና ከመጽሐፉ ጠርዝ እስከ ወለል ይለካል። 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ገና ለምትማር ልጅ የኮርቻው ዝቅተኛ ከፍታ ከ50 ሳይበልጥ ሁለቱም እግሮቿ መሬት ይነካሉ ማለት ነው። ሰብሳቢዋ ሜትር ይዛ ሱቅ ሄዳ ኮርቻውን እስከ ታች ዝቅ አስደርጋ ትለካለች። ልጅቱን ሳይወስዱ ልኩን የማረጋገጫው መንገድ ይኸው ነው።

ከዚያ ሙሉ ዋጋው ይደመራል። ብስክሌቱ 15,000 ብር፣ ሄልሜት 2,000፣ ጎማ መንፊያና መጓጓዣ 1,000፣ በድምሩ 18,000 ብር ሆነ እንበል። ሄልሜቱ ገና ከመጀመሪያው ሒሳቡ ውስጥ መግባቱ በኋላ ገንዘብ ሲያጥር «እሱ ይቅር» እንዳይባል ይረዳል።

የመጠየቂያው መልእክት አጭር ቢሆንም አራት ነገር መያዝ አለበት፦ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የመጨረሻው ቀንና ገንዘቡ የሚገባበት ቁጥር። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ለውጭ ዘመድ ጥር 12 ብቻ ሲባል በግምት ይቆጥራል፤ በተለይ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከነበራት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ጥር 12 ከጃንዋሪ 20 ወደ 21 ስለሚዞር የለመደው ሁሉ ይሳሳታል። ጳጉሜን 2017 አምስት ቀን ስለነበረች የዚህች ልጅ ልደት ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። የመዋጮው መጨረሻ ደግሞ ከልደቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 28፣ ማለትም ጃንዋሪ 6 ቢሆን የገና ማግስት ዕቃ ለመግዛት ጊዜ ይተርፋል።

መልእክቱ ላይ መጻፍ የሌለበት የእያንዳንዱ ድርሻ ነው። 18,000 ለአሥር ተካፍሎ «በነፍስ ወከፍ 1,800» ሲባል እኩል ይመስላል እንጂ እኩል አይደለም፤ ለጡረተኛዋ አያት 1,800 ብር ማለት ዱባይ ላለችው አክስት ከሚከብደው በላይ ነው። ሁሉም የሚችለውን ለሰብሳቢዋ በግል ይነግራታል፤ የሰጠው መጠንም በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ አይለጠፍም። ግሩፑ ላይ የሚገለጸው ድምሩ ብቻ ነው፦ «እስካሁን 12,000 ገብቷል፣ 6,000 ይቀራል»። ስምና ብር ጎን ለጎን ከተጻፈ ትንሽ የሰጠው ያፍራል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ከመዋጮው ሸሽቶ የራሱን አሻንጉሊት ይገዛል፤ ድግግሞሹም እንደገና ይጀምራል።

ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ የራሱ ጣጣ አለው። ሦስቱ የሜሪላንድ ቤቶች በየግላቸው ሃያና ሠላሳ ዶላር ቢልኩ የመላኪያ ክፍያ ሦስት ጊዜ ይከፈላል። አንዱ ቤት ከሌሎቹ በባንክ መተግበሪያ ተቀብሎ አንድ ጊዜ ቢልክ ግን ክፍያው አንድ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሬው ተመን በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ በዶላር ቃል የተገባው በሚደርስበት ቀን ስንት ብር እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ሰብሳቢዋ ከዋጋው በላይ ጥቂት ትርፍ ቃል እስኪገባ ብትጠብቅ ይሻላል።

በምሳሌው ከሜሪላንድ 7,200፣ ከዱባይ 2,400፣ ከአዲስ አበባዎቹ አራት ቤቶች 3,000፣ 2,500፣ 1,000 እና 1,000፣ ከደሴው አጎት 1,700፣ ከአያት 500 ብር ቃል ተገባ፤ ድምሩ 19,300 ነው። ከአዲስ አበባዎቹ አንዱ ቤት ሕመም ገጥሞት 1,000 ብሩን ሳይሰጥ ቀረ። የገባው 18,300 ሆነ። ብስክሌቱ በግዢው ቀን 400 ብር ጨምሮ 15,400 ተባለ። ሰብሳቢዋ መንፊያውን ትታ ብስክሌቱን፣ ሄልሜቱን በ2,000 ብር፣ ማጓጓዣውን በ600 ብር ከፈለች፤ 300 ብር ተረፈ። የተረፈው ምን እንደሚሆን ከመጀመሪያው «ቢተርፍ ትርፍ ካላማዳሪ ይገዛበታል» ተብሎ ስለተጻፈ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገም። የደረሰኙ ፎቶ በዚያው ቀን ግሩፑ ላይ ወጣ። ያላዋጣው ቤት ስም አልተነሳም፤ ካርዱ ላይም እንደ ሌሎቹ ተጽፏል። አንዳንዱ ሰው ይህን ከፍትሕ ውጭ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ካርዱ የሚነበበው ለልጅቱ ነው።

መዋጮው ብቻውን ድግግሞሽን አያስቀርም። ገንዘብ የሰጠ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ድግስ መግባት አይወድም፤ በተለይ አያት የልጅ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው አንድ ነገር ካልሰጡ ስጦታ የሰጡ አይመስላቸውም። ይህን መከልከል ከንቱ ልፋት ነው። የሚበጀው የትንንሽ ስጦታዎች ዝርዝር ማዘጋጀት ነው፦ የቀለም እርሳስ፣ የፊደል መጽሐፍ፣ ዝላይ ገመድ፣ ኳስ፣ ካልሲ። ዝርዝሩ ግሩፑ ላይ ከላይ ይሰካል፤ ወላጆቹ ባይኖሩበት ይመረጣል። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ ሰው ስሙን የሚያስመዘግበው ከገዛ በኋላ ሳይሆን ከመግዛቱ በፊት ነው። «ገመዱ የእኔ ነው» ተብሎ የተጻፈው ገና ሱቅ ሳይኬድ ከሆነ ሌላው ያየዋል፤ ተገዝቶ ከተጻፈ ግን በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው ሌላ ሱቅ ውስጥ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም የማይጠቀሙትን አያት ሰብሳቢዋ ደውላ ትጠይቃቸዋለች፤ ምርጫቸውን ራሷ ትጽፍላቸዋለች።

ቢደጋገምም የማይጎዳ ዕቃ እንዳለ ማወቅ ጭንቀቱን ይቀንሳል። የቀለም እርሳስ ያልቃል፤ ኳስ ይጠፋል። የሌጎ ጡብም ሲበዛ ይሻላል፤ ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠሩት ጡቦች ዛሬ ከሚሠሩት ጋር ይገጣጠማሉ። መደጋገሙ የሚያበላሸው አንዴ ከተሠራ የሚያበቃውን ነው፤ የሥዕል መገጣጠሚያ፣ አንድ መልክ ያላት አሻንጉሊት፣ አንድ ዓይነት መኪና። ዝርዝሩ ላይ ጥብቅ መሆን የሚገባው ለእነዚህ ነው።

ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ አሻንጉሊት ሌላም ፍተሻ ይፈልጋል። በሚሞላ ባትሪ የሚሠራ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው ይነበብ። የአሜሪካ መብራት 120፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ተብሎ ከተጻፈ ምንም አይሆንም፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን አዲስ አበባ ሶኬት ላይ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ የተደጋገመ ዕቃ ሊመጣ ይችላል፤ ዝርዝሩን ያላየ የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት አይጠፋም። ልጅቱ አንደኛውን ስትከፍት ሁለተኛው ከነማሸጊያው ይቀመጣል፤ ሰጪው ፊት ተመሳሳይነቱ አይነሳም። በማግስቱ ሱቁ ይቀይር እንደሆነ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚለውጡት በዕቃ እንጂ በገንዘብ አይደለም፤ ለዚያም ያልተቀደደ ካርቶንና ደረሰኝ ይፈልጋሉ። ካልቀየረ ከማሸጊያው ሳይወጣ ይቀመጥና ከመጪዎቹ የልጆች ልደቶች ለአንዱ ይውላል። ያን ጊዜ ሰጪው በማያውቀው ወገን እንዲሰጥ ማሸጊያው ላይ ያመጣው ሰው ስም በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ይለጠፋል፤ ወረቀቱ ከመስጠት በፊት ይነሳል።