እርከናዊው የመብራት ታሪፍና የቢሉ ስሌት

በወረኢሉ ከተማም ሆነ በመካነ ሰላም የሚኖር የመብራት ደንበኛ የሚከፍለው ለተጠቀመው ኃይል አንድ ወጥ ዋጋ ሳይሆን ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ከፍ እያለ የሚሄድ ዋጋ ነው። የኃይሉ መለኪያ ኪሎ ዋት ሰዓት ይባላል፤ ይህም አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ዕቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚፈጀው መጠን ሲሆን፣ 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሳያቋርጥ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። የወሩ ፍጆታ በእርከኖች ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ እርከንም የራሱ ዋጋ ይወጣለታል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመታት ደረጃ በደረጃ ከፍ ያደረገው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ፣ በመጨረሻው ደረጃው ላይ፣ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ላለው እርከን 27.3 ሳንቲም፣ እስከ 100 ላለው 76.7 ሳንቲም፣ እስከ 200 ላለው ደግሞ 1 ብር ከ62.5 ሳንቲም ነበር። ከዚያ በላይ ያሉት እርከኖች ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልጉም፤ በ2017 ዓ.ም. ታሪፉ እንደገና ስለተሻሻለም እነዚህ ቁጥሮች የስሌቱን መንገድ ለማሳየት እንጂ የዛሬን ቢል ለማውጣት አልቀረቡም።

በወር 130 ኪሎ ዋት ሰዓት የተጠቀመ ቤተሰብ በምሳሌነት ይወሰድ። እርከናዊ ታሪፍ በሁለት መንገድ ሊሰላ ይችላል። በመጀመሪያው መንገድ ፍጆታው ተቆራርጦ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ እርከን ዋጋ ይባዛል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 50 በ27.3 ሳንቲም 13 ብር ከ65፣ ቀጣዮቹ 50 በ76.7 ሳንቲም 38 ብር ከ35፣ የቀሩት 30 በ1 ብር ከ62.5 ሳንቲም 48 ብር ከ75 ሆነው ድምሩ 100 ብር ከ75 ሳንቲም ይመጣል። በሁለተኛው መንገድ ግን ጠቅላላው ፍጆታ የደረሰበት እርከን ዋጋ ለሁሉም ይውላል፤ 130 ሙሉ በሙሉ በ1 ብር ከ62.5 ሳንቲም ሲባዛ 211 ብር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። አንድ የዋጋ ሠንጠረዥ ከእጥፍ በላይ የሚለያዩ ሁለት ሂሳቦችን ማውጣቱ፣ ሠንጠረዡን ብቻ አይቶ ቢልን መመርመር እንደማይቻል ያሳያል።

የትኛው መንገድ እንደተሠራበት ለማወቅ አስቸጋሪ ስሌት አያስፈልግም። ከቢሉ ላይ የአገልግሎት ክፍያውና ሌሎች ተጨማሪዎች ተለይተው፣ የፍጆታው ሂሳብ ብቻ ለኪሎ ዋት ሰዓቱ ብዛት ይካፈላል። ውጤቱ ከእርከኖቹ ዋጋ ከአንዱ ጋር ልክ ከገጠመ ሁሉም በአንድ ዋጋ ተሰልቷል፤ በሁለት እርከኖች ዋጋ መካከል ከዋለ ግን ተቆራርጦ ተሰልቷል፤ ከላይ ባለው ምሳሌ በመጀመሪያው መንገድ የሚገኘው አማካይ 77.5 ሳንቲም ነው። ይህ መመዘኛ ከመጀመሪያው እርከን ላልወጣ ደንበኛ አይረዳም፤ እዚያ ሁለቱ መንገዶች አንድ ናቸውና። ልዩነቱ በእርከን ወሰን ላይ በጣም ይጎላል። በሁለተኛው መንገድ 100 የተጠቀመ 76 ብር ከ70 ሲከፍል፣ 101 የተጠቀመ 164 ብር ከ12 ሳንቲም ግድም ይከፍላል፤ በመጀመሪያው መንገድ ግን ያቺ አንዲት ኪሎ ዋት ሰዓት የምትጨምረው የራሷን ዋጋ ብቻ ነው።

እርከኑ የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በቆጣሪ መሆኑ በተለይ ተከራዮችን ይጎዳል። በአንድ ግቢ አራት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 40 ቢጠቀሙና የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው፣ የአራቱ የፍጆታ ሂሳብ በአንድ ላይ 43 ብር ከ68 ሳንቲም ብቻ ነው፤ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቃለሉ ግን 160 ይሆንና፣ በቀለለው የመጀመሪያው መንገድ እንኳ 149 ብር ከ50 ይደርሳል። ለድሃ ቤተሰብ ታስቦ ዝቅ የተደረገው የመጀመሪያው እርከን ለግቢው የሚደርሰው አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ድጋፉ በጣም ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች እጅ ያመልጣል፤ ይህም የታሪፉ ከባድ ጉድለት ነው። ቢሉ ተቆራርጦ የተሰላ ከሆነ፣ አከራዩ ከተከራዮቹ ጠቅላላው ፍጆታ በደረሰበት እርከን ዋጋ፣ ማለትም በ1 ብር ከ62.5 ሳንቲም፣ ቢሰበስብ 260 ብር ይሆንና ከቢሉ በላይ ያስከፍላቸዋል፤ ትክክለኛው አከፋፈል 149 ብር ከ50ን ለ160 አካፍሎ፣ በሚገኘው 93.4 ሳንቲም የየቤቱን ፍጆታ ማባዛት ነው።

ተመሳሳይ ጉዳት በጊዜም በኩል ይመጣል። ቆጣሪ አንባቢ ሳይመጣ አንድ ወር ቢያልፍና የሁለት ወር ፍጆታ እንደ አንድ ወር ቢቆጠር፣ በየወሩ 45 የተጠቀመ ቤተሰብ 90 እንደፈጀ ተደርጎ ወደ ሁለተኛው እርከን ይገባል፤ 24 ብር ከ57 መክፈል ሲገባው፣ ተቆራርጦ ሲሰላ 44 ብር ከ33፣ በሁለተኛው መንገድ ደግሞ 69 ብር ከ3 ሳንቲም ይጠየቃል። በቢሉ ላይ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ ቀናት ሲተያዩ በመካከላቸው ወደ 60 ቀን የሚጠጋ ክፍተት ካለ፣ ደንበኛው ሂሳቡ እንዲታረምለት የሚጠይቅበት ማስረጃው ይኸው ነው፤ የሚጠይቀውም ፍጆታው ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ወር በራሱ እርከን እንዲሰላለት ነው።