"ቶንሲል አለብኝ" ብላችሁ አትጀምሩ፦ በሰው አገር የጉሮሮ ሕመምን ለሐኪም ስትነግሩ



በቅርቡ ከጅዳ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። የላከችው ከቡሬ ገጠር የሄደች የ23 ዓመት ልጅ ናት፤ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። (የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው፤ እሷን የሚያሳውቅ ነገርም ቀይሬያለሁ።) "ዶክተር፣ ክሊኒክ ሄጄ ነበር፣ የሳል ሽሮፕ ሰጥተው ሸኙኝ። ምራቄን ስውጥ እንደ እሾህ ይወጋኛል" ትላለች። ምን ብለሽ ነገርሻቸው? ብዬ ጠየቅኋት። "ቶንሲል ነው፣ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል አልኋቸው" አለችኝ።

ችግሩ እዚህች አጭር መልስ ውስጥ ነው። እስቲ አብረን እንፍታው።

እኛ አገር ጉሮሮ ከታመመ ሁሉም "ቶንሲል" ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ እኔ ጋ የሚመጣ ሰው እንዲህ ሲለኝ ግድ የለኝም፤ በአማርኛ አምስት ጥያቄ ጠይቄ የቱ እንደሆነ እደርስበታለሁ። ውጭ ያለው ሐኪም ግን ያን ያህል ቋንቋ ከእናንተ ጋር የለውም። የበሽታ ስም ስትሰጡት ወይ ስሙን ተቀብሎ ያልፋል፣ ወይ ትቶ የራሱን ይገምታል። እሱ የሚፈልገው የሚሰማችሁን ነው።

በተለይ "መዋጥ አቃተኝ" የምንላት ነገር አደገኛ ናት። አንዱ ሰው "ስውጥ ያመኛል" ማለቱ ነው፤ ሌላው ደግሞ "አያመኝም፣ ግን እንጀራው እዚህ ጋ ይቆምብኛል" ማለቱ ነው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ የጉሮሮ ቁስለት ወይም ኢንፌክሽን ነው፤ ሁለተኛው ከጉሮሮ በታች ያለውን የምግብ ቧንቧ ወይም ከውጭ የሚጫን እንቅርትን ሊያመለክት ይችላል። ምርመራቸው ለየቅል ነው። በዐረብኛ "ሐልቂ ዩውጂዕኒ ለማ አብለዕ" ማለት "ስውጥ ጉሮሮዬን ያመኛል" ነው። ምግብ የሚቆም ከሆነ ደግሞ "አል-አክል ዩቀፍ ሂና" በሉና የሚቆምበትን ቦታ በጣት አሳዩ። ጣት ከማንኛውም አስተርጓሚ ይበልጣል፤ አንገት ላይ ነው ወይስ ደረት ላይ? በቀኝ ነው፣ በግራ ነው ወይስ በሁለቱም?

አሁን ወደ ልጅቷ "ሁለት ሳምንት" እንመለስ። በስልክ አንድ በአንድ ስጠይቃት ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከ14 ቀን በፊት ጉንፋን ይዟት ነበር፦ ንፍጥ፣ ሳል፣ መጠነኛ የጉሮሮ መከርከር። በሳምንቱ ተሻላት። አራት ቀን ያህል ደህና ሆና ሠርታለች፣ በልታለች። ከዚያ ከሦስት ቀን በፊት ማታ ድንገት ብርድ ብርድ አላት፣ አተኮሳት፣ ጉሮሮዋ በአንድ ሌሊት አበጠ። ሳል የለም። ንፍጥ የለም። ከመንጋጋዋ ሥር ሲነካ የሚያም እብጠት አለ።

ልብ በሉ፣ ይሄ አንድ ሕመም አይደለም፤ ሁለት ነው። "ሁለት ሳምንት" ስትለው ሐኪሙ የቆየ ጉንፋን ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጣት፤ አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ይሆናል። "ሦስት ቀን፣ ድንገት፣ ትኩሳት አለኝ፣ ሳል የለኝም" ብትለው ኖሮ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ ይጠረጥር ነበር። የትኩሳት መኖርና የሳል አለመኖር ሐኪሞች ባክቴሪያን ከቫይረስ ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ የሌለባችሁንም ተናገሩ፦ "ዒንዲ ሐራራ" ትኩሳት አለኝ፤ "ማ ዒንዲ ኩሓ" ሳል የለኝም።

ጊዜውን በቀን ቁጥር ብቻ ንገሩ፤ "ሚን ሰላስ አያም" ማለት ሦስት ቀን ሆነኝ ነው። "ጥቅምት 12 ጀመረኝ" ብትሉ ለእነሱ ኦክቶበር 22 መሆኑን ማን ያስረዳቸዋል? "በሁለተኛው ወር" ካላችሁ ደግሞ ፌብሩዋሪ ይመስላቸዋል። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። የእኛ "ማታ 2 ሰዓት" የእነሱ 8 ነው። ማታ 2 ሰዓት የዋጣችሁትን የትኩሳት ኪኒን እንዳለ ተርጉማችሁ ከሌሊቱ 2 ካላችሁት ስድስት ሰዓት ይሳሳታል፤ ጠዋት ላይ ትኩሳት ሲለካችሁም የመድኃኒቱን ጉልበት በትክክል አያሰላም። ሌላው ቀርቶ "ሰንበትበት ብሏል" የምንለው ነገር በየትኛውም ቋንቋ ቀን አይሆንም።

መካከል ላይ ተሽሏችሁ ከነበረ እሱንም ጨምሩ፦ "መጀመሪያ ጉንፋን፣ ከዚያ አራት ቀን ደህና፣ አሁን ሦስት ቀን አዲስ ሕመም።"

ይሄን ካስተካከልን በኋላ ነው እኔን ያስደነገጠኝ ነገር የመጣው። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? አልኋት። "አሁንማ የለም፤ አገር ቤት እያለሁ ግን ወር በወር መርፌ እወጋ ነበር፤ ከመጣሁ አምስት ወር ስለሆነኝ ቀርቷል።" ክሊኒክ ውስጥ ተናግራው ነበር ወይ? "ወር በወር መርፌ" ብላለች። አብራት የሄደችው ማዳም የወሊድ መከላከያ መስሏት እንደዚያው ተርጉማዋለች።

መርፌው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ነው። በልጅነቷ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተከትሎ በሚመጣው ሩማቲክ ፊቨር የልቧ በር (ቫልቭ) ተጎድቷል፤ መርፌው ባክቴሪያው ተመልሶ እንዳይይዛትና ጉዳቱ እንዳይብስ የሚሰጥ ነው። ይሄ በሽታ እኛ ጋ ብዙ ነው፤ በሀብታም አገሮች ግን እየጠፋ ስለሄደ ወጣት ሐኪም ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። ለሌላ ሰው ተራ የሆነ የጉሮሮ ሕመም ለእሷ የልብ ጉዳይ ነው። ሩማቲክ ፊቨርን ለመከላከል አንቲባዮቲኩ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ሦስተኛ ቀኗ ላይ ነበረች፤ ለዚያ ነው ቀን ቁጠሩ የምላችሁ።

በማግሥቱ ሌላ ክሊኒክ እንድትሄድ ነገርኋት። ስልኳ ላይ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አጭር ወረቀት ላክሁላት፤ ንባቡ እንዲህ ነው፦ "ሐልቂ ዩውጂዕኒ ሚን አርባዐት አያም። ዒንዲ ሐራራ። ማ ዒንዲ ኩሓ። ኢብራ ፔኒሲሊን ኩል ሸህር ዐሻን አል-ቀልብ።" የመጨረሻዋ "ለልቤ ስል በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ" ናት። አፏን አስከፍተው ጉሮሮዋን በጥጥ ጠርገው ፈጣን ምርመራ ሠሩ፤ ባክቴሪያው ተገኘ። ፔኒሲሊን ጀመረች፣ ወደ ልብ ሐኪምም ተላከች።

መርፌ የምትወስዱ ካላችሁ ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት የክትትል ካርዳችሁን ፎቶ አንሡ። ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት የማይስማማችሁ ከሆነ "ዒንዲ ሐሳሲያ" ብላችሁ የመድኃኒቱን ስም ጨምሩ፤ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ "አነ ሃሚል"። ደግሞ በልጅነቱ እንጥሉን የተቆረጠ ሰው ቀድሞ ይናገር፤ እንጥል የሌለው ጉሮሮ አይተው የማያውቁ ሐኪሞች ሌላ ነገር ሲፈልጉ ጊዜ ያልፋል።

ቃል ፍለጋ የማይገባባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ምራቅ መዋጥ አቅቷችሁ ከአፍ የሚፈስ ከሆነ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ድምፅ ከታፈነ፣ አንዱ ጎን ብቻ በጣም ካበጠ፣ ወይም ስትተነፍሱ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። እዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፦ "ማ አቅደር አትነፈስ"፣ መተንፈስ አልቻልኩም።