ተጨማሪ መረጃ፦ ዕቁብ ሀብት ነው ወይስ ዕዳ?

መርካቶ ሸማ ተራ የምትሠራ ነጋዴ በየወሩ መጨረሻ በአንድ ወገን ጥሬ ገንዘቧን፣ ዕቃዋንና በዱቤ የሰጠችውን፣ በሌላው ወገን ያለባትን ዕዳ ትጽፋለች እንበል። ልዩነቱ የተጣራ ሀብቷ ነው። ሠንጠረዡ በብዛት የሚሳሳተው ዕቁብ ላይ ነው። ለምሳሌ በዕቁቧ 20 አባላት እያንዳንዳቸው በወር 10,000 ብር ይጥላሉ። ዕጣ እስኪወጣላት የጣለችው ሁሉ ሀብት ነው፤ በ6ኛው ወር 200,000 ብር ስትቀበል ግን ገና ያልጣለችው 140,000 ብር በዕዳ ይመዘገባል። ጥሬ ገንዘቧ ቢበዛም የተጣራ ሀብቷ በዕጣው አልጨመረም።

ዕቃዋንም በገዛችበት ዋጋ ትመዝግብ፤ አለዚያ ዋጋ በናረ ቁጥር ሳትሸጥ ያተረፈች ይመስላታል። ከአንድ ወር ውጣ ውረድ ይልቅ የሚያሳስበው የሰጠችው ዱቤ ለተከታታይ ወራት ከሽያጩ ፈጥኖ ማደጉ ነው፤ ያኔ የተጣራ ሀብቷ እየጨመረም ለአከፋፋዩ የምትከፍለው ታጣለች።