መለኪያው ራሱ ሲለካ

አዲስ አበባ ላይ ቶታል ስቴሽን ተክሎ፣ ከፋብሪካ ተሞልቶ በመጣው የአየር ግፊትና ሙቀት የሚለካ ቀያሽ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያጣል። መሣሪያው አልተበላሸም። ርቀት የሚያገኘው ብርሃን ልኮ፣ ፕሪዝም ላይ ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በማስላት ነው፤ ብርሃን ደግሞ በሳሳ አየር ውስጥ ትንሽ ይፈጥናል። ፋብሪካው የሚሞላው በባሕር ጠለል ላይ ያለውን 1013 ሄክቶፓስካል ገደማ ግፊት ነው። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ግፊቱ ወደ 760 ይወርዳል። ብርሃኑ ከተጠበቀው ቀድሞ ሲመለስ መሣሪያው ፕሪዝሙን ካለበት አቅርቦ ይቆጥረዋል።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ዙሪያውን ተለክቶ መነሻው ላይ የሚዘጋ ቅየሳም አያጋልጠውም። ሁሉም ጎን በአንድ ምጣኔ ስለሚያጥር ቅርጹ ሳይዛነፍ ያንሳል፤ መዝጊያውም ልክ ይመጣል። ስለዚህ መሣሪያውን የሚፈትነው ርቀቱ አስቀድሞ በአስተማማኝ መንገድ የታወቀ መስመር፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ቤዝላይን ነው። ፊንላንድ ውስጥ ኑሜላ በተባለ ቦታ ያለው 864 ሜትር ርዝመት ያለው ቤዝላይን እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ባነሰ ጥርጣሬ ይታወቃል። ለመንገድና ለሕንፃ ሥራ ያን ያህል ጥራት አያስፈልግም። በቀጥታ መስመር ላይ የተተከሉ፣ የማይነቃነቁ፣ በተሻለ መሣሪያ የተለኩ ጥቂት የኮንክሪት ምሰሶዎች ይበቃሉ።

ቤዝላይኑ የሚለያቸው ስሕተቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ከርቀቱ ጋር አብሮ የሚያድግ ነው፤ የአየሩ ጉዳይ ከዚህ ይመደባል። ሌላው አሥር ሜትርም ተለካ አንድ ኪሎ ሜትር መጠኑ የማይለወጥ ሲሆን፣ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ፕሪዝሙ ነው። ብርሃን በመስታወቱ ውስጥ ሲያልፍ በአየር ውስጥ ከሚሄድበት ፍጥነት ወደ ሁለት ሦስተኛው ስለሚቀንስ ፕሪዝሙ ካለበት ርቆ ይታያል። ከዚያም በላይ መስታወቱ በማቀፊያው ውስጥ ከምሰሶው ማዕከል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ተደርጎ ሊገጠም ይችላል። ይህን ለማረም ከንባቡ ላይ የሚደመር ወይም የሚቀነስ ቁጥር የፕሪዝም ኮንስታንት ይባላል።

ብዙ ቀያሾች የሚሳሳቱት ከአንድ ፋብሪካ የመጣ ፕሪዝም በሌላው መሣሪያ ሲለኩ ነው። ላይካ የራሱን መደበኛ ክብ ፕሪዝም ዜሮ ብሎ ይቆጥራል። በሌሎች ፋብሪካዎች አቆጣጠር ግን ያው ፕሪዝም −34.4 ሚሊ ሜትር ነው። ጀርባው ላይ −30 የሚል ፕሪዝም ላይካ መሣሪያ ላይ ሲውል መሞላት ያለበት ቁጥር እንግዲህ +4.4 ይሆናል። −30 ብሎ የሞላ ሰው የተጻፈውን በታማኝነት ገልብጧል፤ ነገር ግን የሚለካው ሁሉ 34.4 ሚሊ ሜትር ያጥርበታል።

ሁለቱም ስሕተቶች አንድ ላይ ቢገቡ እንዴት እንደሚለዩ በቁጥር እንይ። ከመነሻው ምሰሶ እስከ ሦስቱ ምሰሶዎች ያለው ትክክለኛ አግድም ርቀት 100.003፣ 400.011 እና 800.006 ሜትር ነው እንበል። ቀያሹ ፕሪዝሙ ላይ −30 ሞልቷል። የአየር ግፊቱን ደግሞ ከስልኩ የአየር ጠባይ ገጽ ወስዶ 1018 አድርጎታል። መሣሪያው 99.961፣ 399.948 እና 799.915 አነበበ። ጉድለቱ በቅደም ተከተል 42፣ 63 እና 91 ሚሊ ሜትር ነው።

ከመጀመሪያው ምሰሶ እስከ መጨረሻው ባለው 700 ሜትር ጉድለቱ በ49 ሚሊ ሜትር አድጓል። ይህ በየመቶ ሜትሩ 7 ሚሊ ሜትር፣ መሣሪያው ላይ በሚነበበው አጻጻፍ 70 ppm ነው። እንደ ስኬል ፋክተር ከተጻፈ 1.000070 ይሆናል። መቶ ሜትሩ ላይ ከታየው 42 ይህን 7 ስንቀንስ ከርቀት ጋር የማያድገው 35 ሚሊ ሜትር ይቀራል። መካከለኛው ምሰሶ ይመሰክራል፦ 35 እና 28 ሲደመሩ 63 ይሆናሉ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ቶሎ ብሎ መሣሪያው ውስጥ መሙላት ግን ትክክል አይመስለኝም፤ መጀመሪያ ምንጫቸው ይፈለጋል። 35ቱ ከፕሪዝሙ 34.4 ጋር ይገጥማል። 70ው ደግሞ ከግፊቱ የመጣ ነው። ስልክም ሆነ የአውሮፕላን ማረፊያ ብዙውን ጊዜ የሚነግሩን ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰ ግፊት ስለሆነ፣ አዲስ አበባም ላይ ከሺህ በላይ ይላል። መሣሪያው የሚፈልገው እዚያው የቆመበት ቦታ ላይ በባሮሜትር የተነበበውን ነው። ሁለቱ ታርመው እንደገና ሲለካ ጉድለቱ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ከሆነ የመሣሪያው ተፈጥሯዊ ልክ ነውና ይተዋል። ግፊቱና ሙቀቱ ትክክል ሆነው ሳለ ከርቀቱ ጋር እያደገ የሚሄድ ጉድለት ከቀጠለ ግን የመሣሪያው ውስጣዊ ሰዓት ፈቀቅ ብሏል፤ ቦታው ጥገና ክፍል ነው።

ከፈተናው በፊት አንድ ሌላ ቁጥርም መታየት አለበት። ሥራቸውን በካርታ መጋጠሚያ የሚሠሩ ሰዎች የመሬቱን ርቀት ወደ ካርታው ርቀት የሚቀይር ስኬል ፋክተር መሣሪያው ውስጥ ይሞላሉ። አዲስ አበባ አካባቢ የካርታው ትንበያና ከፍታው ተደምረው አንዱን ኪሎ ሜትር ከ75 ሴንቲ ሜትር በላይ ያሳጥሩታል። ይህ ስሕተት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ቤዝላይን ላይ ግን ወደ 1.000000 ካልተመለሰ ጤነኛውን መሣሪያ እንደ በሽተኛ ያሳያል።

ቤዝላይን በአቅራቢያው የሌለው ቀያሽ ግማሹን ፈተና በራሱ መሥራት ይችላል። በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሦስት ትራይፖዶች ይተክላል። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው፣ ከዚያም ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ይለካል። ሁለቱ አጫጭር ርቀቶች ሲደመሩ ረጅሙን መስጠት ነበረባቸው። በአጫጭሮቹ ድምር ውስጥ የፕሪዝሙ ስሕተት ሁለት ጊዜ ይገባል፣ በረጅሙ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ልዩነታቸው የኮንስታንቱ ስሕተት ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ 99.961 እና 699.919 ሲደመሩ 799.880 ይመጣል። ከ799.915 ጋር ያለው ልዩነት 35 ሚሊ ሜትር ነው። የአየሩ ስሕተት ግን ሁሉንም እኩል ስለሚያሳጥር ድምሩ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል።

ለቤት ቦታ ወሰን ይህ ግማሽ ፈተና ዋናው ነው። በ20 ሜትር አጥር ላይ 70 ppm ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ የፕሪዝሙ 34 ሚሊ ሜትር ግን ሙሉ በሙሉ ይገባል። ለረጅም ድልድይና ለመንገድ ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የፕሪዝሙን ስሕተት በብረት ሜትርም መያዝ ይቻላል፣ የብረቱ ሙቀት እስከታየ ድረስ። የብረት ሜትር ብዙውን ጊዜ ልክ የሚሆነው በ20 ዲግሪ ሙቀትና 5 ኪሎ በሚያህል፣ ማለትም 50 ኒውተን፣ መሳቢያ ነው። በየ10 ዲግሪው 30 ሜትሩ ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፤ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ብረት ደግሞ ከአየሩ በብዙ ይሞቃል። 35 ዲግሪ የደረሰ ሜትር 30 ሜትሩን 5 ሚሊ ሜትር ያህል አሳጥሮ ያነባል። 34 ሚሊ ሜትር የሳተ ኮንስታንት ከዚህ ሁሉ በላይ ጎልቶ ይወጣል። +4.4 መሆን የነበረበትን ፕሪዝም ዜሮ ብሎ የሞላ ሰው ስሕተት ግን የብረቱ ሙቀት ካልተለካና ካልታረመ በስተቀር በሜትሩ መለጠጥ ውስጥ ይጠፋል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ፈተና ማለዳ ወይም ደመና በሆነበት ሰዓት ይሠራል።