ቁጥር የሞላበትን ዘገባ ማጠቃለል፦ ሠንጠረዡ የሚለውና የማይለው

ስለ ኢትዮጵያ እናቶችና ሕፃናት ጤና ሲነገር በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት ምንጮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ መረጃውን የሰበሰበው ከጥር እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ16,650 ቤቶች ቃለ መጠይቅ ተደርጓል፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 15,683 ሴቶችም መልስ ሰጥተዋል። በውጭ አገር የሚገኙ ማኅበራት ለጤና ጣቢያ ገንዘብ ሲያሰባስቡ፣ ጋዜጠኞችም ዜና ሲሠሩ፣ ይህን መሰሉን ዘገባ በጥቂት መስመሮች ማጠቃለል ይኖርባቸዋል።

ችግሩ የዘገባው ዋና ይዘት በአንቀጾቹ ውስጥ አለመሆኑ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩት ገጾች በአብዛኛው ሠንጠረዦችና ግራፎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ጽሑፍ አጭር ሲሆን ጎላ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ይደግማል። ስለዚህ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ የሚያጠቃልል ሰው ትክክለኛ ቁጥሮችን ይዞ የተሳሳተ ታሪክ ሊናገር ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ እንዴትስ መከላከል እንደሚቻል ከዚሁ ዘገባ በተወሰዱ ሁለት ጉዳዮች እንመልከት። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቁጥሩ በፊት ርዕሱና የግርጌ ማስታወሻው

በዘገባው መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 67ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ጥቂት ዝቅ ብሎ በሚገኘው የክልሎች ሠንጠረዥ ደግሞ ይህ አኃዝ በአዲስ አበባ 39፣ በአፋር 125 ሆኖ ይታያል። ለአጠቃላዩ ቶሎ የሚመጣለት ዓረፍተ ነገር «በአፋር የሕፃናት ሞት ከአገር አቀፉ አኃዝ በእጥፍ ሊጠጋ ነው» የሚል ነው። ሦስቱም ቁጥሮች ከዘገባው የተወሰዱ ናቸው፤ ንጽጽሩ ግን ትክክል አይደለም።

ምክንያቱ በሠንጠረዦቹ ርዕስ ላይ ተጽፏል። አገር አቀፉ 67 ከጥናቱ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት ይመለከታል። የክልሎቹ አኃዝ ግን የአሥር ዓመት ነው፤ በአንድ ክልል ውስጥ የተመዘገበው የሞት ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ፣ የአምስት ዓመት መረጃ ብቻ ቢወሰድ ውጤቱ እጅግ የሚዋዥቅ ይሆናል። በእነዚያ ዓመታት የሕፃናት ሞት እየቀነሰ ስለነበር፣ የአሥር ዓመቱ ስሌት የቀድሞውን ከፍተኛ ሞት አብሮ ይይዛል፤ በዚህም የተነሳ የክልሎቹ ቁጥር ከአገር አቀፉ አንጻር ከፍ ብሎ ይታያል። ተገቢው ንጽጽር በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ በአንድ የጊዜ መለኪያ የሚደረግ ነው፦ «ከጥናቱ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት የአፋር አኃዝ ከአዲስ አበባው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር»።

በዚህ ዓይነት ዘገባ ውስጥ ትናንሾቹ ምልክቶችም ትርጉም አላቸው። በመቶኛ በሚሰጡት ሠንጠረዦች በቅንፍ የታጠረ ቁጥር ከ25 እስከ 49 በሚደርሱ ሰዎች መልስ ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው። በቁጥር ፈንታ ኮከብ ከተቀመጠ መላሾቹ ከ25 ያነሱ ስለነበሩ አኃዙ ሆን ተብሎ ተትቷል ማለት ነው። ኮከቡን እንደ ዜሮ መቁጠር፣ ወይም ቅንፉን አንስቶ ቁጥሩን እንደ ሌሎቹ ማቅረብ፣ አዘጋጆቹ የሰጡትን ማስጠንቀቂያ መሰረዝ ይሆናል።

በግራፉ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር

ሁለተኛው ጉዳይ የእናቶች ሞት ነው። ዘገባው የአራት ጥናቶችን ውጤት ያነጻጽራል። በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ፣ ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ሞት በ2000 ጥናት 871፣ በ2005 ጥናት 673፣ በ2011 ጥናት 676፣ በ2016 ጥናት ደግሞ 412 ነበር።

ቁጥሮቹን ብቻ ያየ ሰው «በ2011 ሞት ጨመረ፤ ከዚያ በኋላ ግን አሽቆለቆለ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሆኖም ለእያንዳንዱ አኃዝ እውነተኛው ውጤት ሊገኝበት የሚችለውን ክልል የሚያሳይ የመተማመኛ ወሰን ተሰጥቷል፤ በግራፍ ላይ ሲሆን ይህ ወሰን በአኃዙ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ይታያል። የ2005 ጥናት ወሰን ከ548 እስከ 799፣ የ2011 ደግሞ ከ541 እስከ 810 ነው። ከመቶ በላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሊሄድ በሚችል ግምት ውስጥ የሦስት ልዩነት ትርጉም የለውም። ትክክለኛው አገላለጽ «በሁለቱ ጥናቶች መካከል ለውጥ አልታየም» የሚለው ነው።

የ2016 ወሰን ከ273 እስከ 551 ነው። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ወደ ተቃራኒው ስሕተት ሊያመራ ይችላል፤ የ2011 ዝቅተኛ ጫፍ 541፣ የ2016 ከፍተኛ ጫፍ 551 በመሆኑ ሁለቱ ወሰኖች በጥቂቱ ይነካካሉ፣ «ስለዚህ መቀነሱ አልተረጋገጠም» ሊል ይችላል። ወሰኖች መነካካታቸው ግን ብቻውን ልዩነት የለም አያሰኝም። የእያንዳንዱ ወሰን ስፋት ለአራት ሲካፈል የግምቱን መደበኛ ስሕተት ይሰጠናል፤ ለ2016 ወደ 70፣ ለ2011 ወደ 67 ይሆናል። የሁለቱ ስሕተት በአንድነት ሲሰላ፣ ማለትም የየራሳቸው ስኩዌር ተደምሮ የድምሩ ስኩዌር ሩት ሲወሰድ፣ ወደ 97 ይደርሳል። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ልዩነት 264 ነው፤ ይህም የ97 ሁለት እጥፍ ተኩል ያልፋል። በተለመደው መመዘኛ ከሁለት እጥፍ በላይ የሆነ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የመጣ ነው ለማለት ያዳግታል። ስለዚህ መቀነሱን መጻፍ ተገቢ ነው፤ የቀነሰበትን መጠን በአንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር መናገር ግን አይደለም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። 412 የ2016 ዓመት ሞት አይደለም። ጥናቱ ሴቶችን ስለ እኅቶቻቸው በመጠየቅ፣ በእርግዝና፣ በወሊድና ከወሊድ በኋላ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ የሞቱትን ይመዘግባል፤ አኃዙም ከጥናቱ በፊት የነበሩትን ሰባት ዓመታት ያጠቃልላል። በግራፉ ግርጌ የተጻፈው ዓመት ጥያቄው የተጠየቀበት እንጂ ሞቱ የደረሰበት አይደለም።

በየትኛውም ሕዋስ ያልተጻፈው ውጤት

አንዳንዴ ዋናው መልእክት በአንድም የሠንጠረዡ ሕዋስ ውስጥ አይገኝም፤ ሁለት ዓምዶችን አገናኝቶ ማስላት ይጠይቃል። ወደ ሕፃናቱ እንመለስ። በ2000 ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ጥናት 67 ሆነዋል። መቀነሱ 60 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ ማጠቃለያ በዚህ መልካም ዜና ይቆማል።

በአጠገቡ ያለው ዓምድ በተወለዱ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ስለሚሞቱት ጨቅላዎች ይናገራል፤ ቁጥራቸው በ2000 ጥናት 49፣ በ2016 ጥናት 29 ነበር። የዚህ ቅናሽ 41 በመቶ ብቻ ነው። አሁን የመጀመሪያውን ወር ከአምስቱ ዓመት እንቀንስ። ከአንድ ወር በኋላ የሚሞቱት ከ117 ወደ 38 ወርደዋል፤ ይህም የሁለት ሦስተኛ ያህል ቅናሽ ነው። ሞት የቀነሰው በይበልጥ የመጀመሪያውን ወር ባለፉት ሕፃናት ዘንድ ነው ማለት ነው። ውጤቱም በ2000 ጥናት ከሟች ሕፃናት ሦስት አሥረኛ ገደማ የነበሩት ጨቅላዎች፣ በ2016 ጥናት ከ43 በመቶ በላይ ሆነዋል።

ለሕፃናት ጤና ገንዘብ ለሚያሰባስብ ማኅበር በሁለቱ ማጠቃለያዎች መካከል ያለው ልዩነት ተግባራዊ ነው። አንደኛው «ሞት በእጅጉ ቀንሷል» ብሎ ያበቃል። ሁለተኛው የቀረው ሞት ወደ መጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት እየተሰበሰበ መሆኑን ስለሚያሳይ፣ ትኩረቱን ወደ ወሊድ ክፍልና ወደ ጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ይመራል።

ሲጻፍና ሲመረመር

ከእነዚህ ሠንጠረዦች የሚወጣ ማጠቃለያ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ከ2016ቱ ጥናት በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 67ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል፤ በ2000 ጥናት ቁጥሩ 166 ነበር። በመጀመሪያው ወር የሚደርሰው ሞት ግን በዝግታ በመቀነሱ፣ በ2016 ጥናት ከጠቅላላው ሞት ከአምስት ሁለት እጅ የሚበልጠውን ይዟል። ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የእናቶች ሞት በ2005 እና በ2011 ጥናቶች መካከል ለውጥ አላሳየም፤ በ2016 ጥናት ግን በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ ወደ 412 ወርዷል፤ ግምቱም ከ273 እስከ 551 ሊደርስ ይችላል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ እያንዳንዱ ቁጥር ከነመለኪያውና ከነጥናቱ ቀርቧል። መመርመሪያውም ቀላል ነው፤ ማጠቃለያው ካለቀ በኋላ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወደ ወጡበት ረድፍና ዓምድ መልሶ ማመሳከር፣ ተሰልተው የተገኙትንም እንደገና ማስላት ይገባል። ወደ ሕዋሱ ሊመለስ ወይም ሊሰላ የማይችል ቁጥር ካለ ይውጣ።

ቃላትም እንደ ቁጥር ይመረመራሉ፤ በተለይም «ምክንያቱም» እና «በዚህ የተነሳ» የሚሉት። በዚያው ዘገባ በጤና ተቋም የተከናወነ ወሊድ በ2011 ጥናት ከነበረበት 10 በመቶ በ2016 ጥናት ወደ 26 በመቶ አድጓል። ይህን ከእናቶች ሞት መቀነስ አጠገብ አስቀምጦ «በተቋም መውለድ በመስፋፋቱ ሞት ቀነሰ» ማለት ይቀናል። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሠንጠረዦቹ ግን ሁለቱ ለውጦች በአንድ ወቅት መታየታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማስከተሉን አያሳዩም። በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ያለ ማብራሪያ የሚቆም ሌላ እውነት ግን አለ፤ 26 በመቶ ማለት ከአራት ወሊዶች ሦስቱ ገደማ ከጤና ተቋም ውጭ ተከናውነዋል ማለት ነው።